የሁለት ጣውንቶች ስምንተኛ እጅና የልጆች ድርሻ

ለቅሶው አብቅቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ዘመድ አዝማድ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም «ሟቹ የተወው ሀብት እንዴት ይከፈል?» የሚለው ነው። ሟቹ ሁለት ሚስቶች የነበሩት እንደ ሆነ ደግሞ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በጥርጣሬ ታጅቦ ነው። ታላቂቱ ሚስት «ይህች ሴት መጥታ የልጆቼን አፍ ልትነጥቅ ነው» ብላ ትሠጋለች። ታናሺቱ በበኩሏ «የኒካሕ ወረቀቴን አያምኑልኝም፣ ባዶ እጄን ያስወጡኛል» ብላ ትፈራለች። ልጆቹም ወደየእናታቸው ጎን ይቆማሉ።

ዛሬ የምናጫውታችሁ በሸሪዓ ሕግ መሠረት ስለሚከፈል ውርስ ነው። ነገሩ የሚመለከተው በተለይ ሙስሊም እናቶችንና ልጆቻቸውን ይሁን እንጂ፣ ጎረቤትም ሆነ የሥራ ባልደረባ የሆነች ሌላ እኅት ብታውቀው አይጎዳትም። በሽምግልና የሚቀመጡ ሰዎች ከየአቅጣጫው ስለሆኑ፣ ስሕተቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሽምግልናው ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። በሸሪዓ ውርስ የሚስት ድርሻ የተወሰነ ነው። ሟቹ ልጅ ካለው ሚስት የምታገኘው ከስምንት እጅ አንዱን እጅ ነው። ልጅ ከሌለው ግን ሩብ ታገኛለች። የዚህ ምንጭ በቁርኣን አራተኛው ምዕራፍ፣ «አን-ኒሳእ» በተባለው፣ 12ኛው አንቀጽ ነው። ልብ ልትሉት የሚገባው ታዲያ ስምንተኛው እጅ የተመደበው ለእያንዳንዷ ሚስት ሳይሆን ለሚስቶች በጠቅላላው መሆኑን ነው። ሚስት አንድ ከሆነች ብቻዋን ትወስደዋለች። ሁለት ከሆኑ እኩል ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዳቸው ከአሥራ ስድስት እጅ አንድ እጅ ይደርሳቸዋል። ሦስት ቢሆኑ ለሦስት፣ አራት ቢሆኑ ለአራት ያው አንዱ እጅ ይከፈላል። ቀድማ የተዳረችው አትበልጥም፤ ብዙ ልጅ የወለደችውም አትበልጥም፤ ከባሏ ጋር ሃያ ዓመት የኖረችውና ባለፈው ዓመት የገባችው እኩል ናቸው።

ይህ ለታላቂቱ ሚስት መራራ ሊሆን ይችላል። ሱቁን ከባሏ ጋር ከሥር ያቆመች ሴት በሁለት ዓመት ሙሽራ እኩል መሆኗ ያንገበግባታል። ስሜቱን እንረዳዋለን። ነገር ግን ይህ ሕመም የእርሷ የራሷ እንጂ የልጆቿ አይደለም። ምክንያቱን በምሳሌ እንመልከተው።

አንድ በአዲስ አበባ የሚኖር ነጋዴ ሞተ እንበል። ታላቂቱ ሚስቱ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ወልዳለታለች። ታናሺቱ አንድ ወንድ ልጅ አላት። የሟቹ አባትና እናት ቀደም ብለው አልፈዋል። የተወው ሀብት፣ ታላቂቱ ከነልጆቿ የምትኖርበት 10 ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት፣ በሱቁ ውስጥ 5 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ፣ በባንክም 3 ሚሊዮን ብር ነው። በድምሩ 18 ሚሊዮን ብር መሆኑ ነው።

ሽማግሌዎቹ ወዲያው 18 ሚሊዮኑን ማካፈል ከጀመሩ የመጀመሪያውን ስሕተት ሠሩ ማለት ነው። ወራሽ ድርሻውን የሚያገኘው ከሚተርፈው ላይ ነውና። በቅድሚያ የከፈንና የቀብር ወጪ ይነሣል፤ ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል፤ ከዚያም ሟቹ ኑዛዜ ትቶ እንደ ሆነ እስከ ቀሪው ሀብት ሲሶ ድረስ ይፈጸማል። ከዕዳዎቹ መካከል ብዙ ሴቶች የሚዘነጉት አንዱ ያልተከፈለ መህር ነው። ባል በኒካሕ ጊዜ «ወደፊት እሰጣለሁ» ብሎ ያስቀረው መህር እስከ ሞቱ ድረስ ካልተከፈለ በሟቹ ላይ ያለ ዕዳ ነው፤ ውርስ አይደለም። ስለዚህ ሚስት መህሯን እንደ ገንዘብ ጠያቂ ወስዳ፣ ደግሞ ድርሻዋን እንደ ወራሽ ትወስዳለች። አንዱ ሌላውን አይተካም። «መህርሽን ስለ ወሰድሽ ከውርሱ አትካፈዪም» የሚል ካለ ተሳስቷል።

በምሳሌአችን ለቀብር 50 ሺህ ብር ወጥቷል። ለዕቃ አቅራቢዎች ያለበት ዕዳ 1 ሚሊዮን 550 ሺህ ብር ነው። የታናሺቱ ያልተከፈለ መህርም 400 ሺህ ብር ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር 2 ሚሊዮን ይሆናል። ለውርስ የቀረው እንግዲህ 16 ሚሊዮን ብር ነው። ኑዛዜ የለም።

የ16 ሚሊዮን ስምንተኛ እጅ 2 ሚሊዮን ነው። ይህ የሁለቱ ሚስቶች ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ብር ይደርሳቸዋል። የቀረው 14 ሚሊዮን የልጆች ነው። በሸሪዓ ወንድ ልጅ የሁለት ሴት ልጆችን ድርሻ ስለሚያገኝ፣ ሦስቱን ወንዶች እንደ ስድስት፣ ሁለቱን ሴቶች እንደ ሁለት ቆጥረን ስምንት ዕጣ እናገኛለን። 14 ሚሊዮን ለስምንት ሲካፈል አንዱ ዕጣ 1 ሚሊዮን 750 ሺህ ብር ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 1 ሚሊዮን 750 ሺህ፣ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ 3 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ያገኛሉ።

አሁን ታናሺቱን ሚስት ከሥዕሉ እናውጣትና ልጇን ብቻ እንተወው። ቀደም ብላ ተፈትታ ዒዳዋንም ጨርሳለች እንበል። ታላቂቱ 2 ሚሊዮኑን ብቻዋን ትወስዳለች። ልጆቹስ? ያው 14 ሚሊዮን ነው የሚካፈሉት፤ ድርሻቸው አንድ ሳንቲም እንኳ አልጨመረም። ሟቹ አራት ሚስት ትቶ ቢሆንም እንዲሁ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ጣውንት የምትቀንሰው የጣውንቷን ድርሻ እንጂ የልጆችን አለመሆኑን ነው።

የታላቂቱን ልጆች ድርሻ የቀነሰው ሌላ ነው፤ እርሱም ወንድማቸው ነው። የታናሺቱ ልጅ ባይወለድ ኖሮ ዕጣው ስድስት ብቻ ይሆን ነበርና እያንዳንዷ ሴት ልጅ 2 ሚሊዮን 333 ሺህ ያህል ታገኝ ነበር። ይሁን እንጂ እርሱም የአባቱ ልጅ ነው፤ ድርሻው ከእናቱ ሳይሆን ከአባቱ የመጣ ነው። ታላቂቱ ራሷ ሌላ ወንድ ልጅ ብትወልድም የሚደርሰው መቀነስ ያው ነበር።

ይህን ከተረዳን ሽምግልናው ላይ ወደሚሠሩት ሁለት ስሕተቶች እንለፍ።

የመጀመሪያው ለእያንዳንዷ ሚስት ሙሉ ስምንተኛ እጅ መስጠት ነው። ይህ በቀና ልብ ይደረጋል፤ «ሁለቱም ሚስቱ ናቸው፣ ሁለቱም ልጅ አላቸው፣ ለምን ይጎዱ?» ይባላል። በምሳሌአችን ሚስቶቹ 2 ሚሊዮን፣ 2 ሚሊዮን ወስደው ለልጆች የሚቀረው 12 ሚሊዮን ይሆናል። እያንዳንዷ ሴት ልጅ 250 ሺህ ብር፣ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ 500 ሺህ ብር ይጎድልባቸዋል። ይህን ስሕተት ለማወቅ ቀላል ነው። የሚስቶቹን ድርሻ ደምሩና በስምንት አባዙት፤ ውጤቱ ከዕዳ በኋላ ከቀረው ሀብት ከበለጠ ስሕተት አለ።

ሁለተኛው ስሕተት በየቤቱ መክፈል ነው። ይህ እጅግ የተለመደ ነው፤ ፍትሐዊም ይመስላል። «ቤቱ ሁለት ነው፤ ሀብቱን ለሁለት ገምሰን ለየእናቶቹ እንስጥና በየቤታቸው ይከፋፈሉት» ይላሉ ሽማግሌዎች። እናቶቹም ደስ ይላቸዋል፤ እንዳይጨቃጨቁ ይረዳልና። እስቲ በቁጥር እንየው። ለየቤቱ 8 ሚሊዮን ይደርሳል። በታላቂቱ ቤት እናት ስምንተኛ እጇን 1 ሚሊዮን ትወስዳለች፤ 7 ሚሊዮኑ ለሁለት ወንዶችና ለሁለት ሴቶች ነው። ዕጣው ስድስት ስለሆነ ሴት ልጅ 1 ሚሊዮን 166 ሺህ ያህል፣ ወንድ ልጅ 2 ሚሊዮን 333 ሺህ ያህል ያገኛሉ። በታናሺቱ ቤትም እናት 1 ሚሊዮን ትወስዳለች፤ ብቸኛው ልጅ 7 ሚሊዮኑን ይረከባል።

እናንት እናቶች፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። የሁለቱ ሚስቶች ድርሻ በትክክለኛውም በተሳሳተውም አከፋፈል 1 ሚሊዮን ብር ነው። ስለዚህ ታላቂቱ «እኔ ድርሻዬን አግኝቻለሁ» ብላ ፈርማ ልትነሣ ትችላለች። የተጎዱት ልጆቿ ናቸው፤ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 583 ሺህ ያህል፣ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የዚያን እጥፍ አጥተዋል። ከአራቱ የተወሰደው ሁሉ ተደምሮ 3 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ሲሆን፣ ከሚገባው በላይ ወደ አንዱ ወንድማቸው ዞሯል። በዚህ ጊዜ ማመሳከሪያው የአንድ ቤትን ሴት ልጅ ከሌላው ቤት ሴት ልጅ ጋር፣ ወንዱንም ከወንድ ጋር ማስተያየት ነው። የአንድ አባት ወንዶች ልጆች እናታቸው ማንም ትሁን ማን እኩል ካላገኙ፣ ሴቶቹም እንዲሁ እኩል ካልሆኑ፣ አከፋፈሉ በየቤቱ ተሠርቷል ማለት ነው።

ልጅ ስላልወለደች ጣውንትም ጥቂት እንበል። ታናሺቱ መካን ብትሆን ኖሮ ሁለት ዓይነት ክርክር ይነሣ ነበር። የታላቂቱ ወገን «ልጅ ስለሌላት ምንም የላትም» ይላል። የታናሺቱ ወገን ደግሞ «ልጅ የሌላት ሚስት ሩብ ታገኛለች ተብሏል» ብሎ ሩቡን ይጠይቃል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የሚታየው ሟቹ ልጅ ያለው መሆኑ ነው፤ ልጁን የወለደችው የትኛዋም ትሁን። የታላቂቱ ልጆች መኖር የታናሺቱንም ድርሻ ከሩብ ወደ ስምንተኛ ያወርደዋል። ስለዚህ መካኗም ከስምንተኛው እጅ ግማሹን፣ ማለትም አንድ አሥራ ስድስተኛውን ትወስዳለች። ሟቹ ከማንም ልጅ ባይኖረው ግን ሁለቱ ሚስቶች ሩቡን ይካፈሉ ነበር፤ ከ16 ሚሊዮኑ ለእያንዳንዳቸው 2 ሚሊዮን ማለት ነው። የቀረው ወደ ሟቹ ወላጆች ወይም ወንድሞችና እኅቶች ይሄዳል።

የሟቹ እናት በሕይወት ካለችም መዘንጋት የለባትም። ልጅ ያለው ሰው ሲሞት እናቱ ስድስተኛ እጅ ትወርሳለች። ይህ የሚስቶቹን ስምንተኛ እጅ አይነካም፤ የሚነካው ለልጆች የሚቀረውን ነው። በምሳሌአችን 2 ሚሊዮን 667 ሺህ ያህል ለአያት ወጥቶ ለልጆች 11 ሚሊዮን 333 ሺህ ያህል ይቀር ነበር። ሟቹ ሴቶች ልጆች ብቻ ትቶ እንደ ሆነ ደግሞ ስሌቱ ይለወጣል። ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች ልጆች ሲሶ ሁለት እጁን ይካፈላሉ፤ ሌላ ባለ ድርሻ ከሌለ የሚተርፈው ወደ ሟቹ አባት ወይም ወንድሞች ያልፋል። ይህ ሲያጋጥም ምሳሌአችንን እንዳለ ሳትወስዱ ቃዲውን ጠይቁ።

አንዲት ሚስት ነፍሰ ጡር ሆና ባሏ ቢሞት በማሕፀን ያለው ልጅም ወራሽ ነው። እስኪወለድ ድረስ ክፍፍሉ ይቆያል፤ ወይም ድርሻው ይቀመጥለታል። ሊመለስ በሚችል ፍቺ የተፈታች ሴት ዒዳዋን ሳትጨርስ ባልየው ከሞተም እንደ ሚስት ትወርሳለች። «ፈቷት ነበር እኮ» የሚለው ቃል ብቻውን አያስወጣትም።

ወደ ፍርድ ቤቱ እንምጣ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይህን ጉዳይ የሚያዩት በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ናቸው። ክልሎችም የየራሳቸው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሏቸው። በሸሪዓ መዳኘት የሚቻለው ግን ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። ከወራሾቹ አንዱ ካልተስማማ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዚያ የሚሠራው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ወንድና ሴት ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ የሚስት ስምንተኛ እጅ የሚባል ነገር ግን የለም። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ከባሏ አትወርስም፤ የምትይዘው ከጋራው ንብረት የራሷን ድርሻ ነው። ስለዚህ ምርጫው ለእናትና ለሴት ልጅ አንድ ዓይነት ውጤት ላይኖረው ይችላል፤ ከመስማማታችሁ በፊት ሁለቱንም በወረቀት አስሉት።

መጥሪያ የደረሳችሁ እንደ ሆነ «አልሄድም ማለቴ አለመስማማቴ ነው» ብላችሁ እቤት አትቀመጡ። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደ ተስማማ ይቆጠራል። የማትስማሙ ከሆነ ቀርባችሁ ተናገሩ።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በማስረጃ ነው። ታናሺቱ የኒካሕ ወረቀቷን ወይም ኒካሑን ያዩ ምስክሮች ማቅረብ አለባት። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀትም ያስፈልጋል። አልፎ አልፎ የአንዱ ቤት ልጆች የሌላውን ቤት ሳይጠቅሱ የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ፤ በዚህም ባንክ ያለው ገንዘብ ይወጣል። እንዲህ ያለው ማረጋገጫ መቃወሚያ ቀርቦበት ሊሰረዝ ይችላል፤ የወጣውን ገንዘብ ማስመለስ ግን ሌላ ድካም ነው። ከወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ የምታዩት ቁጥሩን ሳይሆን የስም ዝርዝሩን ይሁን።

እናቶችን እንቅልፍ የሚነሣው ሌላው ነገር ቤቱ ነው። ታላቂቱ «ቤቱ ተሽጦ ሜዳ ላይ ልንወድቅ ነው» ትላለች። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ድርሻ በገንዘብ ይሰላል እንጂ እያንዳንዱ ዕቃ አይቆራረጥም። ወደ ምሳሌአችን እንመለስ። የታላቂቱና የአራቱ ልጆቿ ድርሻ አንድ ላይ ሲደመር 11 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ነው። ቤቱ 10 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ቤቱን በጋራ ይዘው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ይጨመርላቸዋል። በሌላው በኩል የታናሺቱና የልጇ ድርሻ 4 ሚሊዮን 500 ሺህ ነው። ከባንኩ 3 ሚሊዮን ላይ ቀብሩ፣ ዕዳውና መህሩ ተከፍሎ 1 ሚሊዮን ቀርቷል፤ የሱቁ ዕቃ 5 ሚሊዮን ነው። ከዚህ 6 ሚሊዮን ላይ 1 ሚሊዮን 500 ሺሁ ለታላቂቱ ቤት፣ 4 ሚሊዮን 500 ሺሁ ለታናሺቱ ቤት ይሰጣል። ማንም ከቤቱ አልወጣም፤ ሱቁም በአብዛኛው ከታናሺቱ ጋር ይቆያል። ይህ ሁሉ የሚሳካው ግን ቤቱና ዕቃው በገለልተኛ ሰው በትክክል ከተገመቱ ነው። ቤቱ 10 ሚሊዮን እያወጣ 7 ሚሊዮን ተብሎ ከተጻፈ የታናሺቱ ልጅ ይጎዳል፤ የሱቁ ዕቃ ከፍ ተደርጎ ከተገመተም እንዲሁ።

አንድ ወዳጄ ይህን ስሌት ሳሳያት «እኔ ለልጆቼ ብዬ ድርሻዬን እተወዋለሁ» አለችኝ። ይቻላል፤ የራሷ ነውና። ነገር ግን ወደ ድርድሩ ስትገባ የልጆቿን ድርሻ አብራ መተው አትችልም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ድርሻ በሞግዚት የሚጠበቅ የልጁ ሀብት ነው። ታናሺቱም የልጇን 3 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ለምግቡ፣ ለልብሱና ለትምህርቱ ልታወጣለት ትችላለች፤ በሱቁ ውስጥ ከራሷ 1 ሚሊዮን ጋር ደባልቃ የምትነግድበት ከሆነ ግን የእርሱ ስንት እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለይታ መጻፍ አለባት። ልጁ ሲያድግ የሚጠይቃት ያንን መዝገብ ነው።